የሥራ ውልን በስልክ አንስቶ ማስተርጎም፦ ገጽም ነጥብም እንዳይቀር

«ጋሼ፣ የምኖረው አዳማ ነው። ሳዑዲ በቤት ሠራተኝነት ልሄድ ኤጀንሲ ጋር ሂደቴን እየጨረስኩ ነው፤ ውሉን የምፈርመው በሚመጣው ሳምንት ነው። ውሉ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ እንግሊዝኛውን ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። ደመወዙ ያለበትንና የምፈርምበትን ገጽ በስልኬ አንስቼ ለአንድ አስተርጓሚ በቴሌግራም ብልክለት ‹አይነበብም› አለኝ። ስልኬ ነው የማይረባው? ደግሞስ ሁለቱ ገጾች አይበቁም ወይ?»

ስልክሽ ምንም አልሆነም። ዛሬ በሰው እጅ ካሉት ስልኮች አብዛኞቹ 12 ሜጋፒክስልና ከዚያ በላይ ካሜራ አላቸው፤ ለአንድ ኤ4 ወረቀት ይበቃል፣ ይተርፋልም። ፎቶሽን ያበላሸው ቴሌግራም ነው። እንደ ተራ ፎቶ ስትልኪው ዳታ ለመቆጠብ ብሎ ያሳንሰዋል። በካሜራሽ በረጅሙ ጎን 4000 ያህል የምስል ነጥብ የነበረው ፎቶ አስተርጓሚው ጋር ሲደርስ ብዙ ጊዜ 1280 ገደማ ነው የሚሆነው። የኤ4 ቁመት 29.7 ሴንቲሜትር ነው። ስታካፍይው በካሜራሽ ላይ እያንዳንዱ ሚሊሜትር 13 ነጥብ ገደማ ነበረው፣ ከተላከ በኋላ ግን አራት ብቻ ይቀረዋል። ለሰርግ ፎቶ አራት ምንም አይደለም። ለአረብኛ ጽሑፍ ግን በቂ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

አረቦች በውል ላይ የሚጽፏቸው ቁጥሮች እኛ በየቀኑ የምንጽፋቸው አይደሉም። የእነሱ ዜሮ ክብ ሳይሆን ነጥብ ናት፤ ከመርፌ ጫፍ ብዙም የማትበልጥ። አምስታቸው ደግሞ ትንሽ ክብ ስለሆነች የእኛን ዜሮ ትመስላለች። ስድስታቸውን ያላወቀ ሰው ሰባት ብሎ ያነበዋል። ሁለትና ሦስት የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች አንዲት ጥርስ ነው። እንግዲህ 1500 በአረብኛ ሲጻፍ አንድ ጭረት፣ አንድ ትንሽ ክብና ሁለት ነጥብ ነው ማለት ነው። ውሉ በደቃቅ ፊደል ከታተመ የዜሮዋ ነጥብ ከግማሽ ሚሊሜትር አትበልጥም፤ ቴሌግራም ካሳነሰው በኋላ ሁለት የምስል ነጥብ ቢደርሳት ነው። ያንን ከአቧራ ወይም ከፎቶ ኮፒ ጉድፍ የሚለይ ዓይን የለም። ፊደላቱም እንደዚያው ናቸው፤ በአንድ ነጥብ ብቻ የሚለያዩ ብዙ ናቸው። «አይነበብም» ያለሽ አስተርጓሚ ሐቀኛ ሰው ነው። ግምቱን ጽፎልሽ ገንዘብሽን ሊቀበል ይችል ነበር፣ እንደዚያ የሚያደርጉም አይጠፉም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ሁለት ገጽ አይበቃም። ደመወዝ ያለበት ገጽ ስንት እንደሚከፈልሽ ይነግርሻል፤ ከዚያ ላይ ምን ሊቆረጥ እንደሚችል፣ ውሉ በምን ምክንያት እንደሚቋረጥ፣ ሳይጠናቀቅ ብትመለሺ የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደሚችል የሚጻፈው ሌላ ቦታ ነው። ፊርማ ያለበት ገጽ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነገር ያለው ገጽ ነው፤ ስምና መስመር ብቻ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እዚሁ አዳማ ከፍራንኮ አካባቢ አምስት ፎቶ ላከችልኝ። ውሉ ሦስት ወረቀት ሲሆን ፊትና ጀርባ ታትሟል፤ ስለዚህ መሆን ያለበት ስድስት ገጽ ነው። ይህን ያወቅሁት ከገጾቹ ግርጌ ላይ በአረብኛ «ሰፍሓ ይህን ያህል ሚን 6»፣ ማለትም ከ6 ገጽ ስንተኛው እንደሆነ ተጽፎ ስለነበር ነው። ሦስተኛው ገጽ አንቀጽ 9 ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆማል፤ ቀጥላ የላከችው ገጽ የሚጀምረው ከአንቀጽ 13 ነው። የሁለተኛው ወረቀት ጀርባ ተረስቷል። መልሳ ስታነሳው የመጣው አራተኛው ገጽ፣ በራሷ ፈቃድ ከጊዜው በፊት ሥራ ብታቋርጥ የመመለሻ ትኬቱን ራሷ እንደምትችል የሚናገረውን አንቀጽ የያዘ ነበር። አላወቀችም ነበር። ከዚያም በላይ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእንግሊዝኛው ዓምድ ደመወዙን 1000 ሪያል ብሎ ሞልቶታል፤ በአረብኛው ዓምድ ግን ያው ቦታ ባዶ ነጠብጣብ ነበር። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ «በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ቢፈጠር የአረብኛው ይጸናል» ይላል። ይህ አንቀጽ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውሎች ውስጥ የተለመደ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቢያቸው የሚጸናው ባዶ ቦታው ነው ማለት ነው። ልጅቱ ኤጀንሲው አረብኛውን በቁጥርም በፊደልም እስኪሞላ ድረስ አልፈርምም አለች፤ በማግስቱ ተሞላላት። ደመወዝና ፊርማ ያለባቸውን ሁለት ገጾች ብቻ ልካልኝ ቢሆን ኖሮ የትኬቱን አንቀጽ አላየውም ነበር።

«እንግሊዝኛውን እሞክራለሁ» ያልሽውም በዚሁ ምክንያት አያድንሽም። እንግሊዝኛ የሚችሉ ልጆች የሚያነቡትን የግራውን ዓምድ ብቻ አቅርበው አንስተው የቀኙን ግማሹን ቆርጠው ይልኩልኛል። የሚያስረው የተቆረጠው ነው።

አሁን አነሳሱን ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ግን ኤጀንሲውን የውሉን ፒዲኤፍ ጠይቂ። የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ውል ሙሳነድ በሚባለው የአገሪቱ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የሚመዘገብ በመሆኑ ፋይሉ እነሱ ጋር ሊኖር ይችላል። ፒዲኤፍ ከየትኛውም ፎቶ ይሻላል። ቢሰጡሽም ግን የወረቀቱን ፎቶ አትተዪው፤ የምትፈርሚው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱና ፋይሉ አንድ መሆናቸውን የምታውቂው ሁለቱም እጅሽ ሲገቡ ብቻ ነው።

ቀን ላይ ሂጂ፣ ከሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ስልክሽን ሙሉ ቻርጅ አድርጊ፣ ቦታም አስለቅቂ፤ አንድ ገጽ ከሦስት እስከ አምስት ሜጋባይት ይወስዳል፣ ሁሉንም ደግሞ ሁለት ሁለቴ ነው የምታነሺው። የካሜራውን መስታወት በነጠላሽ ጫፍ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። የአዳማን አቧራና ንፋስ ታውቂዋለሽ፤ ከባጃጅ ወርደሽ ሳትጠርጊ ያነሳሽው ፎቶ ጭጋግ የለበሰ ነው የሚመስለው። ብርሃኑን በተመለከተ ጠረጴዛው በመስኮት አጠገብ ይሁን፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ እንጂ ከጀርባሽ አይምጣ፤ ከጀርባሽ ከመጣ የራስሽና የስልክሽ ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ውጭ በረንዳ ላይ ከሆነ ጥላው ውስጥ እንጂ ፀሐዩ ላይ አታድርጊው። ፍላሽ አጥፊ። ፍላሽ መሃሉን አንጥቶ ማኅተሙንና የእስክሪብቶውን ጽሑፍ ያጠፋዋል።

መጀመሪያ ጥራዙን እንደተዘጋ አንድ ፎቶ አንሺው፣ ስንት ወረቀት እንደሆነ ቆጥሪና ያዢ። ልብ በይ፤ አረብኛ የሚገለጠው ከቀኝ ነው። አንቺ የመጨረሻ ብለሽ የምታስቢው ገጽ አንደኛው ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ እንዳይደበላለቅ ከደብተር ላይ ብጣሽ ወረቀት ቀድደሽ «1»፣ «2» እያልሽ ጻፊና ከገጹ ውጭ፣ ጠረጴዛው ላይ አጠገቡ አስቀምጪው፤ ውሉ ላይ ግን ምንም እንዳትጽፊ። ባዶ ጀርባ ቢሆንም ቁጥር ሰጥተሽ አንሺው፤ አንዳንዴ ማኅተም ወይም ትንሽ የእጅ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። ሌላው ቢቀር ባዶ እንደነበረ ማስረጃ ይሆንሻል።

ስልኩን ከወረቀቱ በላይ እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን ጠፍጣፋ አድርገሽ ያዢው። ካዘነበልሽው የላይኛው መስመር ጠብቦ ይደበዝዛል። አራቱም ማዕዘኖች ይታዩ፤ ጠርዝ ላይ የምትቀረው ግን የጠረጴዛው ትንሽ ክፍል ብቻ ትሁን። ገጹ የምስሉን ግማሽ ብቻ ከያዘ ያ ሁሉ ሜጋፒክስል ጠረጴዛ አንስቶ ቀረ ማለት ነው። መሃሉ ላይ ስክሪኑን በጣትሽ ነክተሽ እስኪጠራ ጠብቂ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ አንሺ። እንደገና አንሺ። ከዚያ እዚያው ቆመሽ ፎቶውን በሁለት ጣት አሳድጊና በጣም ደቃቁን ጽሑፍ ፈልጊ። መመዘኛው አንድ ነው፤ በአረብኛው መስመር ውስጥ ያሉት ነጥቦች አንድ በአንድ ተለያይተው ይታዩሻል? አረብኛ ባታነቢም ነጥብ መቁጠር ትችያለሽ። ሁለት ነጥብ ተጋጥመው ሰረዝ ከመሰሉ እንደገና አንሺ።

ሁለት ቦታ ላይ ተጨማሪ ፎቶ ያስፈልጋል። አንደኛው ማኅተም ጽሑፍ ላይ የተመታበት ቦታ ነው፤ ቀረብ ብለሽ ያንን ብቻ ለይተሽ አንሺ፤ ሰማያዊው ቀለምና ጥቁሩ ፊደል ተለያይተው እንዲታዩ። ሁለተኛው በስቴፕለር የተያያዘው ማዕዘን ነው። አረብኛው መስመር የሚጀምረው ከቀኝ ስለሆነ ስቴፕለሩ በቀኝ በኩል ከተመታ የየመስመሩ የመጀመሪያ ቃላት እጥፋቱ ውስጥ ይገባሉ። ወረቀቱን በጣትሽ ተጭነሽ ዘርጊና ማዕዘኑን ለብቻው አንሺው። ሽቦውን ግን እንዳትነቅዪው። የተነቀለና እንደገና የተመታ ውል ገጹ ተቀይሯል ለሚል ክርክር በር ይከፍታል፤ ክርክሩ ደግሞ በአንቺ ላይ ሊዞር ይችላል።

የስካን መተግበሪያ የምትጠቀሚ ከሆነ በራሱ ወደ ጥቁርና ነጭ እንዳይቀይረው አድርጊ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጥቁርና ነጩ ለዓይን ያምራል፣ ገጹ እንደ ወተት ይነጣል፤ ጉድፍ ብሎ የሚያጸዳው ግን የአረብኛውን ዜሮ ነው። ባለቀለሙን ምረጪ። ፎቶ ኮፒ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱን ይዘሽ እንድትወጪ ከፈቀዱልሽ ባለቀለም ስካን በ300 ዲፒአይ በይያቸው፣ ፋይሉን ከተቀበልሽ በኋላ ከኮምፒውተራቸው ላይ ፊትሽ ያጥፉት። ፎቶ ኮፒውን መልሶ ፎቶ ማንሳት ግን ከሁሉም የባሰ ነው።

አላላኩ ላይ ደግሞ እዚያው ነጥብ ላይ እንመለሳለን። በቴሌግራም ከሆነ File፣ በዋትሳፕ ከሆነ Document የሚለውን መርጠሽ ላኪ። ያን ጊዜ ፎቶው እንዳለ፣ ሳያንስ ይሄዳል። የላክሽውን ተመልከች፤ በሜጋባይት የተጻፈ መጠን ያለው ፋይል ሆኖ ከታየሽ ልክ ነው። የስድስት ገጽ ውል 30 ሜጋባይት ገደማ ሊሆን ስለሚችል ፓኬጅሽን አስቢበት። ፎቶውን ከመላክሽ በፊት የስክሪን ፎቶ አታድርጊው፤ ያኛውም ያሳንሰዋል።

የምትልኪው ለአንድ ሰው ብቻ ይሁን። ውል በሺህ የሚቆጠር ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ «እባካችሁ ተርጉሙልኝ» ተብሎ ሲለጠፍ አያለሁ። ገጹ ላይ የፓስፖርት ቁጥርሽ፣ የትውልድ ቀንሽ፣ የቤተሰብሽ ስልክ፣ የአሠሪው መታወቂያና አድራሻ አለ። ስምሽንና የምትሄጂበትን ቤት ያወቀ ደላላ እናትሽ ጋ ደውሎ «ልጅሽ ተይዛለች፣ ገንዘብ ላኪ» ለማለት ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ለአስተርጓሚው ሦስት ነገር ንገሪው። ማኅተሙንና የእጅ ጽሑፉን ጨምሮ ሁሉንም ይተርጉም። ያልተነበበውን «አይነበብም» ብሎ ይጻፍ እንጂ አይገምት። ባዶ የተተወውን ቦታ «ባዶ» ብሎ ይመዝግብ። የገንዘብ ቁጥሮችን ከፊደል አጻጻፋቸው ጋር እንዲያመሳክርም ጠይቂው፤ 1000 ከሆነ አጠገቡ «አልፍ»፣ 1500 ከሆነ «አልፍ ወ ኸምስሚያ» የሚል ይኖራል። ቁጥሩና ፊደሉ ካልተስማሙ ስህተቱ የፎቶው ሳይሆን የውሉ ነው፤ ሳትፈርሚ መታረም አለበት።

ይህ ትርጉም ገደብ አለው። ከፎቶ የተተረጎመ ነገር የሚጠቅመው አንቺ የምትፈርሚውን እንድታውቂ ነው። ነገ ክርክር ቢነሳና ማኅተም ያለበት ትርጉም ቢያስፈልግ ዋናው ሰነድ መቅረብ አለበት። ትርጉሙ ውሉ ምን እንደሚል ይነግርሻል እንጂ ያ ነገር በሕግ የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን አይነግርሽም። ለምሳሌ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎ ነበር፤ ውሉም በመንግሥት እንዲጸድቅ አዝዞ ነበር። በትርጉሙ ውስጥ ከዚህ የሚጋጭ ነገር ካገኘሽ እኔን ሳይሆን የሥራና ክህሎት ቢሮን ነው የምትጠይቂው።

ኤጀንሲው «ፎቶ አይነሳም» ቢልሽስ? «ሚስጥር ነው» ይሉሻል፣ «ሌሎቹ ሳያነሱ ፈርመዋል» ይሉሻል። የምትፈርሚበት ውል ከአንቺ የሚደበቅበት ምክንያት የለም። እዚያው አትከራከሪ፤ «ኮፒ ስጡኝና ነገ ፈርሜ አመጣለሁ» በይ። ኮፒም ፎቶም ከከለከሉሽ በዚያ ቀን አትፈርሚ። ይህን የምልሽ ቪዛው ሊያልፍ እንደሚችል፣ ቤተሰብ እንደሚቆጣ አውቄ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የፊርማውን ቀን አትጠብቂ፤ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመሽ ሂጂና ሁሉንም ገጽ አንሺ። ስድስት ገጽ መተርጎም አንድ ቀን ይፈጃል፣ ባዶ ቦታ ማስሞላት ደግሞ ሌላ ቀን። ከዚያ በፊርማው ቀን፣ ፈርመሽ ማኅተም ከተመታበት በኋላ፣ ያንኑ ውል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና አንሺው። ብዙዎች ይህን ሁለተኛውን ዙር ይዘሉታል። የመጀመሪያው ዙር ለመረዳት ነው፤ ሁለተኛው ለማስረጃ ነው። በመካከል ገጽ ተቀይሮ፣ ባዶ ቦታ ያለ ስምምነትሽ ተሞልቶ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዪ ይገለጣል። እዚያ ስትደርሺም ሌላ ውል አምጥተው ፈርሚ ሊሉሽ ይችላሉ፤ የድሮው በእጅሽ ከሌለ ልዩነቱን የምታሳዪበት የለሽም።

ያንን ሁለተኛ ዙር በስልክሽ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። አንዳንድ ቤት ሲደርሱ ስልክ ይቀበላሉ። በቴሌግራም Saved Messages ውስጥ በ File አስቀምጪ፣ ለእህትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ አንዱን በወረቀት አሳትመሽ ከትርጉሙ ጋር እናትሽ ጋ ተዪ። እዚያው ላይ የኤጀንሲውን ስልክና በጂዳ ወይም በሪያድ ያለውን የኢትዮጵያን ቆንስላ ወይም ኤምባሲ ስልክ በእጅሽ ጻፊበት፤ የአሠሪው ስምና አድራሻ ውሉ ላይ አለ።